በግራ በኩል ከእምብርት በታች፦ በአዛውንቶች ላይ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሕመም

(አራት ኪሎ አካባቢ ለጡረተኞችና ለቤተሰቦቻቸው ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

የሆድ ሕመም በእኛ ከተማ ስም አያጣም። ሲነፋ ጋዝ፣ ሲያቃጥል ጨጓራ፣ ሲያስቀምጥ አሜባ፣ ትኩሳት ሲጨመርበት ደግሞ ታይፎይድ ይባላል። እነዚህ ስሞች ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው፤ የሚያሳስቱንም ለዚሁ ነው። ዛሬ የምናገረው በእነዚህ ስሞች መካከል ሾልኮ ስለሚያልፍ አንድ ሕመም ብቻ ነው። ሐኪሞች ዳይቨርቲኩላይቲስ እንለዋለን። ስሙ ከባድ ቢሆንም ነገሩን መረዳት ከባድ አይደለም፤ ስሙ ቢረሳ ግድ የለም። የማይረሳው አመጣጡ ነው፤ ዕድሜው የገፋ ሰው፣ በግራ በኩል ከእምብርት በታች የማይለቅ ሕመም፣ ትኩሳት፣ እንዲሁም ከወትሮው የተለየ የሰገራ ሁኔታ፣ ማለትም ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ አንዳንዴም ሁለቱ እየተፈራረቁ።

ከአንጀቱ ልጀምር። ትልቁ አንጀት በቀኝ በኩል ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሆድን አቋርጦ ወደ ግራ ይሻገራል፣ ከዚያም በግራ በኩል ወደ ታች ወርዶ ፊንጢጣ ላይ ያበቃል። ከፊንጢጣ በፊት ያለው የተጠማዘዘ ክፍል ሲግሞይድ ይባላል። ከትልቁ አንጀት ሁሉ ጠባቡ እሱ ነው፤ ሰገራው እዚያ ሲደርስ ውኃው ተመጥጦ ጠጥሯል፤ ስለዚህ ጡንቻው ለመግፋት ሲጨመደድ በውስጡ ያለው ግፊት ከሌላው ቦታ ይበልጣል። የአንጀቱ ጡንቻ ደግሞ ወጥ ግድግዳ አይደለም። ደም የሚያመጡት ጥቃቅን ሥሮች ጡንቻውን ሰንጥቀው የሚገቡባቸው ስስ ቦታዎች አሉት። ዕድሜ ሲገፋና ግፊቱ ለዓመታት ሲደጋገም፣ ያረጀ የመኪና ጎማ በሳሳበት በኩል አብጦ እንደሚወጣ ሁሉ የአንጀቱ ውስጠኛ ሽፋን በእነዚያ ስስ ቦታዎች ወደ ውጭ ይወጣና ትንንሽ ከረጢቶች ይሠራል። አብዛኞቹ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው።

ከረጢቶቹ መኖራቸው ብቻውን በሽታ አይደለም። በምዕራባውያን አገሮች ከ60 ዓመት በላይ ከሆነው ሰው ግማሽ ያህሉ አላቸው፤ አብዛኛው ሰው ሳያውቃቸው ኖሮ ሳያውቃቸው ያልፋል። ከረጢት ካላቸው 100 ሰዎች መካከል በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንኳ የሚቆጣባቸው ከ5 አይበልጡም። ችግሩ የሚጀምረው የአንዱ ከረጢት ግድግዳ ተሸርሽሮ፣ በሰገራ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በዙሪያው ወዳለው ስብ ሲያልፍ ነው። ያኔ አካባቢው ይቆጣል፣ ያብጣል። ሰውነት ሊዘጋው ከቻለ በዚያው ይበርዳል፤ ካልቻለ መግል ይቋጥራል፤ ከዚያም ከባሰ አንጀቱ ይበሳና ሰገራው ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ አይደለም ወይ?» የሚል ሐኪም እስካሁን አለ። ያለ ምክንያት አይደለም። በኡጋንዳ ለረጅም ጊዜ የሠራው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ ቡርኪት ከኒል ፔይንተር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሽታው አሰር የሌለው ምግብ የሚበላ ኅብረተሰብ በሽታ እንደሆነና በገጠር አፍሪካ እጅግ ብርቅ እንደሆነ ተከራከረ። እኛም በትምህርት ቤት የተማርነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን የዛሬ የአዲስ አበባ ጡረተኛ ቡርኪት ያየው የገጠር ገበሬ አይደለም። ጠዋት ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ቀን ፓስታ፣ ከሰዓት በኋላ ወንበር፤ ዕድሜውም ረዝሟል። በሌላ በኩል ሲቲ ስካን በከተማው እየበዛ ሲሄድ፣ ድሮ ሳይታይ ይቀር የነበረው አሁን ይታያል። እኔ በበኩሌ «በእኛ ዘንድ የለም» የሚለውን አባባል የምረዳው «አልፈለግነውም» በሚል ትርጉም ነው።

አንድ ታሪክ በዝርዝር ልንገራችሁ። የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከተለያዩ ታማሚዎች የተገጣጠመ ነው፤ መንገዱ ግን ብዙዎች የሄዱበት ነው።

የ71 ዓመት አዛውንት ናቸው። የደም ግፊት አለባቸው፤ ለእሱም አቴኖሎል ይወስዳሉ። ሰኞ ዕለት ሆዳቸው ይነፋል፤ ለሦስት ቀን ያህል በደንብ አልወጣላቸውም። ማክሰኞ በግራ በኩል፣ ከዳሌ አጥንት ከፍ ብሎ፣ አንድ ቦታ ላይ ሕመም ይጀምራል። እንደ ቁርጠት መጥቶ የሚሄድ አይደለም፤ ተተክሎ የሚቆይ ነው። መኪና ጉድጓድ ሲገባ ይነዝራቸዋል። ሰፈር ያለው መድኃኒት ቤት ጎራ ሲሉ «አባባ፣ ጋዝ ነው» ተብለው ዳይክሎፌናክ ይሰጣቸዋል፤ ትንሽ ይሻላቸዋል። ረቡዕ ማታ ብርድ ብርድ ይላቸዋል፤ ሐሙስ ሰገራው ቀጥኖ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ይመጣል። ልጃቸው ክሊኒክ ትወስዳቸዋለች። የሰገራ ምርመራው አሜባ አለ ይላል፤ የዊዳል ምርመራውም ታይፎይድ ያሳያል። አልትራሳውንድ ሲነሡ ወረቀቱ ላይ «በአንጀት ጋዝ ምክንያት የግራው ታችኛ ክፍል በደንብ አልታየም» ተብሎ ይጻፋል። ቤተሰቡ ይህን «አልትራሳውንድም ጋዝ ነው አለ» ብሎ ያነበዋል። ሜትሮኒዳዞል ታዝዞላቸው ይወስዳሉ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሁሉም እፎይ ይላል። መድኃኒቱ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ግን ሕመሙ ይመለሳል፤ አሁን ደግሞ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣባቸዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዛሬው ንግግሬ ልብ ያለው እዚህ ነው። ለምን ተሻላቸው? አሜባ ስለነበረባቸው ነው? አይመስለኝም። ሜትሮኒዳዞል አሜባን ብቻ አይደለም የሚገድለው፤ በትልቁ አንጀት ውስጥ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩትን ባክቴሪያዎችም ይገድላል። እነዚህ በዳይቨርቲኩላይቲስ መግል ውስጥ ካሉት ተዋናዮች ገሚሶቹ ናቸው። የቀሩትን፣ ለምሳሌ ኢ ኮላይን፣ አይነካቸውም። ስለዚህ መድኃኒቱ ለተሳሳተ ስም ተሰጥቶ ትክክለኛውን በሽታ በግማሽ ያክማል። ታማሚው ሲሻለው የተሳሳተው ስም ማረጋገጫ ያገኘ ይመስላል። በዚያ ላይ ቀላሉ የዚህ ሕመም ዓይነት ያለ ምንም መድኃኒትም ሊበርድ ይችላል። ስለዚህ «መድኃኒቱን ወስጄ ተሻለኝ» ማለት ሕመሙ ምን እንደነበረ አይናገርም።

ምርመራዎቹስ? በዊዳል የሚፈለገው ሰውነት ታይፎይድን ሲዋጋ የሚሠራው መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ከዓመታት በፊት ከነበረ ሕመም ሊቀር፣ በሌላ ባክቴሪያም ሊነሣ ይችላል። እንደ እኛ ባለ አገር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም። አሜባም እንዲሁ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የማይለዩ፣ አንዱ ጎጂ ሌላው ምንም የማያደርግ ሁለት ዘመዳሞች አሉ። ጎጂው ቢሆን እንኳ በአንጀት ውስጥ መገኘቱ የዛሬው ሕመም የእሱ ሥራ ነው ማለት አይደለም።

ከምርመራ ወረቀቱ ይልቅ የሕመሙ ጠባይ ይናገራል። ታይፎይድ ትኩሳቱ በቀናት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ራስ ምታትና ድካም ይበዛበታል፤ ሆድ ቢያምም በአብዛኛው ደብዛዛና የተሰራጨ ነው። አሜባ አንጀትን ሲጎዳ ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ሰገራ፣ ቁርጠትና ማማጥ ያመጣል። ዳይቨርቲኩላይቲስ ግን ቦታ ይይዛል። «የት ነው የሚያምዎ?» ሲባሉ መዳፋቸውን በሆዳቸው ላይ የሚያዞሩ ሰው አሉ፤ በአንድ ጣት የሚያሳዩም አሉ። በአንድ ጣት የግራውን ታችኛ ክፍል ያሳዩትን፣ ሲያስሉ እዚያው ቦታ ላይ የሚያማቸውን፣ ቀዶ ሐኪሞች «የግራ ትርፍ አንጀት» ብለን እናስባቸዋለን። በኔዘርላንድስ የተደረገ ጥናት ሦስት ነገሮች አብረው ሲገኙ፣ ማለትም ሲነካ የሚያመው የግራው ታችኛ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ትውከት ሳይኖር፣ በደም ምርመራ ሲአርፒ የተባለው የቁጣ መለኪያ ከ50 በላይ ሲሆን፣ በሽታው ዳይቨርቲኩላይቲስ የመሆኑ ዕድል በጣም ከፍተኛ እንደሆነ አሳይቷል። ሦስቱ የማይሟሉላቸው ታማሚዎች ግን ይበዛሉ፤ ባለመሟላታቸውም በሽታው የለም አይባልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከእኛ አገር ሁኔታ ላክል። የእኛ ሰው ሲግሞይድ ብዙ ጊዜ ረጅም ነው። በመሆኑም መታጠፊያው ወደ መሐል ወይም ወደ ቀኝ ተጋድሞ ሕመሙ በዚያ በኩል ሊሰማ ይችላል። ይኸው ረጅም አንጀት በራሱ ዙሪያ ሊጠማዘዝም ይችላል፤ ሆድ በድንገት እንደ ከበሮ ሲነፋና ሰገራም ጋዝም ጨርሶ ሲቆም መጀመሪያ የምናስበው መጠማዘዙን ነው፤ እሱ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ የሚታይ አጣዳፊ ነገር ነው።

ወደ አዛውንቱ እንመለስ። ሆስፒታል ሲደርሱ የሙቀት መጠናቸው 37.8 ነበር፤ የልብ ምታቸው 76። ይህን አንብቦ «ደህና ናቸው» ማለት ይቀላል። ነገር ግን ጠዋት ፓራሲታሞል ወስደዋል፤ አቴኖሎሉ ደግሞ ልባቸው እንዳይፈጥን ይዞታል። ዕድሜ ራሱ ትኩሳትን ያደበዝዛል፤ የነጭ ደም ሴል ቁጥርም ሳይጨምር ሊቀር ይችላል። የሆድ ጡንቻ ስለሚሳሳ፣ በወጣት ላይ እንደ ሰሌዳ የሚጠነክረው ሆድ በአዛውንት ላይ ለስላሳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አንዳንድ አዛውንት የሚመጡት ስለ ሆዳቸው ሳይሆን ምግብ እምቢ ብለው፣ ነገር እየተምታታባቸው ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ 39 እስኪል መጠበቅ ለልጅ ይሠራ ይሆናል እንጂ ለአባት አይሠራም። ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ምልክቱ ይበልጥ ይደበቅባቸዋል፤ አንጀታቸውም በቀላሉ ይበሳል።

የደም ምርመራቸው ነጭ የደም ሴል 11,900፣ ሲአርፒ 186 አሳየ። ሲአርፒ ከ150 ሲያልፍ ነገሩ መግል ወይም መበሳት ሊኖርበት እንደሚችል እንጠረጥራለን። የኩላሊታቸው ምርመራ ደህና ስለነበር በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያ ተሰጥቷቸው ሲቲ ስካን ተነሡ። ዛሬ ይህን ሕመም በትክክል የሚያሳየው መሣሪያ ይኸው ነው። የሲግሞይዱ ግድግዳ ወፍሮ፣ በዙሪያው ያለው ስብ ደፍርሶ፣ ከአንጀቱ ጎን 4.5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የመግል ቋት ታየ። ቋቱ የሽንት ፊኛውን ይነካል፤ ሽንታቸው ቶሎ ቶሎ የሚመጣው ለዚህ ነው እንጂ ከፕሮስቴት አልነበረም። በሆድ ዕቃ ውስጥ ግን የተበተነ አየር አልታየም፤ ያ ማለት አንጀቱ ወደ ሆድ ዕቃ አልተከፈተም።

ሕክምናው በደረጃው ይወሰናል። መግል የሌለበት ቀላሉ ዓይነት በሌላው ዓለም ጤነኛ በሆኑ ሰዎች ላይ ያለ አንቲባዮቲክም እየታከመ ነው፤ በስዊድንና በኔዘርላንድስ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ደግፈዋል። ይህ ግን ሲቲ ስካን ተነሥቶ ቀላል መሆኑ ለተረጋገጠና በቅርብ ለሚከታተሉት ሰው ነው። ዕድሜው ለገፋ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት አንቲባዮቲክ እንሰጣለን፤ ሁለቱንም የባክቴሪያ ወገን እንዲሸፍን ተደርጎ። ትንሽ የመግል ቋት በመድኃኒት ብቻ ሊጠፋ ይችላል፤ ከ3 ወይም ከ4 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ ግን መድኃኒቱ ወደ ውስጡ በደንብ ስለማይዘልቅ መግሉ መውጣት አለበት። እኒህ አዛውንት ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል በደም ሥር ተሰጣቸው፤ የራጅ ሐኪሙ በምስል እየተመራ በቆዳ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ መግሉን አወጣ። ሆዳቸው ሳይከፈት በሳምንቱ ቤታቸው ገቡ። ሰገራ በሆድ ዕቃ ውስጥ ፈስሶ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር፤ የታመመው አንጀት ተቆርጦ ይወጣል፣ የላይኛው ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ ተከፍቶ ሰገራው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው፣ በሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይወጣል።

በሕመሙ ወቅት ቤት ውስጥ የሚደረጉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱንም ብታቆሙልኝ ደስ ይለኛል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ሲያስታግሱ የመበሳቱን አደጋ ይጨምራሉ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ መወሰዱንም ለሐኪሙ መንገር ነው። ሁለተኛው ሆድን ማሳሸት ነው፤ የተቆጣ አንጀትን መጫን ምንም አይጠቅመውም። ሦስተኛው «ሆዴ ደረቀ» ብሎ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መዋጥ ወይም ከታች በኩል መታጠብ ነው፤ ግፊቱ የሳሳውን ከረጢት ሊቀድደው ይችላል። ለጥቂት ቀን ሾርባ፣ ሻይና ቀለል ያለ ምግብ ይበቃል።

ቤት ቁጭ ብሎ የማይጠበቅበትን ደግሞ ልንገራችሁ። ሕመሙ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሆድ ሁሉ ከተስፋፋ፣ ሆዱ ከጠነከረ፣ ትውከት ውኃ እንኳ ካላስቀረ፣ ሰውየው ከደነዘዘ ወይም ላብ ካጠመቀው፣ ያኔ ክሊኒክ ሳይሆን ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ሆስፒታል ነው፤ በሌሊትም ቢሆን። ሌላው በአብዛኛው በአፍረት የሚደበቅ ነው፤ ሲሸኑ ከሽንቱ ጋር አየር እየተንፈቀፈቀ የሚወጣ ወይም ሽንቱ የሰገራ ሽታ ያለው ከሆነ፣ አንጀቱ ከፊኛው ጋር ቀዳዳ ፈጥሯል ማለት ነው። አንድ አባት ይህን ለወራት ይዘው «ልጅቷ ዶክተር ስለሆነች» ሳይናገሩ የቆዩ አሉ።

የድኅረ ሕክምናው ነገር ከሁሉ የሚዘነጋ ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር በሲቲ ስካን ላይ ዳይቨርቲኩላይቲስ ሊመስል ይችላል፤ ግድግዳው ይወፍራል፣ ሊበሳና መግል ሊቋጥርም ይችላል። ስለዚህ አንጀታቸው በቅርቡ በካሜራ ያልታየ ታማሚዎች ቁጣው ከበረደ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ መታየት አለባቸው። በሕመሙ ወቅት ይህን ማድረግ አንጀቱን ሊበሳው ስለሚችል ይቆያል። ችግሩ በሁለተኛው ወር ታማሚው ደህና ስለሆነ «ምን ልሁን ብዬ ነው» ማለቱ ነው። የእኛ አዛውንት ልጃቸው ጎትታ አመጣቻቸው፤ ብዙ ከረጢቶችና አንድ ትንሽ እበጥ ተገኘ፤ እበጡ እዚያው ተነሣ። ካንሰር አልነበረም።

ከአዳራሹ ሁለት ጥያቄዎች መጡ። አንዲት እናት «ቆሎና ፈንዲሻ ልተው ወይ? ፍሬው ከረጢቱ ውስጥ ይገባል ተብያለሁ» ብለው ጠየቁ። ይህ ምክር ለብዙ አሥርት ዓመታት በሐኪሞችም ሲሰጥ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ በአሜሪካ ብዙ ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ግን ለውዝና ፈንዲሻ የሚበሉት ሰዎች በሽታው እንዳልበዛባቸው፣ እንዲያውም በመጠኑ እንዳነሰባቸው አገኘ። ጥርስዎ ከቻለ ቆሎዎን ይብሉ፤ በሕመሙ ሳምንት ብቻ ይተዉት። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ገብስ የሚበዛበት ገበታ ለዚህ አንጀት የሚስማማ ነው፤ በጾም ወቅት ግን ውኃ መጠጣትን እንዳይረሱት፤ አሰር ውኃ ካላገኘ ሆድ ያደርቃል።

ሌላው ጥያቄ «ይመለሳል ወይ? ቆርጦ ማውጣቱ አይሻልም?» የሚል ነበር። አንድ ጊዜ ከታመሙት ከአምስቱ አንዱ ያህል በ10 ዓመት ውስጥ ይመለስበታል። ድሮ ሁለት ጊዜ የታመመ ሁሉ ይቀደድ ይባል ነበር፤ አሁን ቁጥር ብቻ አንቆጥርም። ምክንያቱም አንጀት ወደ ሆድ ዕቃ የሚበሳው በአብዛኛው በመጀመሪያው ሕመም ጊዜ እንጂ በአራተኛው አይደለም። እየተደጋገመ ኑሮን የሚያውክ ከሆነ፣ ከፊኛ ጋር ቀዳዳ ካለ፣ አንጀቱ እየጠበበ ከሄደ ቀዶ ሕክምናው ይመረጣል። አዛውንታችን እንዲህ ያለ ነገር ስላልነበራቸው ሳይቀደዱ መቆየትን መረጡ፤ ዳይክሎፌናኩንም አቆሙ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሲቲ ስካኑን በሲዲና ከነወረቀቱ እንዲይዙ ተነግሯቸዋል፤ ሕመሙ ከተመለሰ የሚያያቸው ሐኪም ከዊዳል ሳይሆን ከዚያ ወረቀት እንዲጀምር።